የዳይሬክተር መግለጫ፦ የፌስቲቫል መራጭ ምን ፈልጎ ያነበዋል?

«ፊልሙን ጨርሻለሁ፤ ማመልከቻው ላይ Director Statement የሚል ሳጥን አለ። ምን ልጻፍበት?»

ይህ ጥያቄ በየወሩ ይደርሰኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ሌሊት ሲቀረው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስለሰለቸኝ አንድ ቦታ ላይ ጻፍኩት። የምነግራችሁ ለአንድ ትንሽ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል የመጀመሪያ ዙር መራጭ ሆኜ ስሠራ ካየሁትና የወዳጆቼን መግለጫ ሳርም ከተማርኩት ነው።

መጀመሪያ መግለጫው መቼ እንደሚነበብ እንወቅ፤ አጻጻፉን የሚወስነው እሱ ነውና። የመጀመሪያ ዙር መራጭ ማለት ከሥራ መልስ፣ ማታ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ አምስት ስድስት አጭር ፊልም በተከታታይ የሚያይ ሰው ነው። አንዳንዱ መግለጫውን ቀድሞ ያነባል፤ እኔ ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነበር የማነበው። ፊልሙ በጣም ጥሩ ከሆነ መግለጫው ምንም አይጨምርለትም። በጣም ደካማ ከሆነም አያድነውም። ችግሩ መሃል ላይ ያሉት ናቸው። ለምሳሌ የሰዎቹ ጭንቅላት በፍሬሙ ጠርዝ እየተቆረጠ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ካሜራ ማኑ አልቻለበትም ወይስ ዳይሬክተሩ እንዲህ ይሁን ብሏል? ማስታወሻዬ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ መግለጫውን እከፍታለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ያየሁት ነገር ታስቦበት የተደረገ ነው ወይስ እንዲሁ የሆነ?

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ማዘጋጃ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ኤዲቱ ያለቀ ፊልም (ፊልሙ ገና ካልተቀረጸ የመጨረሻው ስክሪፕት)
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የማመልከቻው ፎርም፣ በተለይ የቃል ወይም የፊደል ገደቡ
- ፊልሙን ያላየና ሊያሞግሳችሁ የማይፈልግ አንድ ሰው
- ሁለት ቀን፤ አንድ ሌሊት አይበቃም

እንደ ምሳሌ የአንድ ወዳጄን ፊልም ይዤ እሄዳለሁ፤ ፈቅዶልኛል። 14 ደቂቃ የሆነ ልብ ወለድ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት እናቷ ቤት ተቀምጣለች። ጎረቤት «እንኳን በሰላም ገባሽ» ለማለት እየመጣ ቡና ይጠጣል። የሁሉም ዓይን ግን ግድግዳው ሥር የቆመው ሻንጣ ላይ ነው። ሻንጣው አይከፈትም። መጀመሪያ የጻፈው መግለጫ ይህ ነበር፦

> «ሲኒማ ከልጅነቴ ጀምሮ በደሜ ውስጥ ያለ ፍቅር ነው። ይህ ፊልም በስደት ስለሚንገላቱ እህቶቻችን ያልተነገረ እውነት ይናገራል። ስደት፣ ተስፋ፣ የእናት ፍቅርና ማንነት ዋና ዋና ጭብጦቹ ናቸው። በውብ ምስሎችና በጥልቅ ስሜት ተመልካቹ ወደ ውስጡ እንዲመለከት ያደርጋል። ዓለም አቀፍ ተመልካች ዘንድ እንዲደርስ ምኞቴ ነው።»

ውሸት የለበትም። ግን ሻንጣው የት አለ? ስለ ስደት የተሠራ ሌላ ማንኛውም ፊልም ላይ ቢለጠፍ ማንም አያውቅበትም። እኔ መራጭ ሆኜ ይህን ባነብ የጥያቄ ምልክቴ እንዳለ ይቀር ነበር።

ደረጃ 1፦ የተጠየቃችሁት የትኛው መግለጫ እንደሆነ ለዩ

ላለቀ ፊልም የሚጻፈውና ገና ላልተሠራ ፊልም የሚጻፈው በአንድ ስም ይጠራሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ፊልም ለፌስቲቫሎች በሚላክበት FilmFreeway ድረ ገጽ ላይ የምታገኙት ሳጥን ላለቀ ፊልም ነው፤ መራጩ ፊልሙን ማየት ስለሚችል አጭር መሆን አለበት። እንደ ሮተርዳሙ ሁበርት ባልስ ፈንድ፣ እንደ በርሊኑ የዓለም ሲኒማ ፈንድ ወይም እንደ ደርባን ፊልም ማርት ያሉት ደግሞ ፕሮጀክት ነው የሚቀበሉት። እዚያ ምስሉን ሊያሳይ የሚችል ነገር ስለሌለ ጽሑፉ የፊልሙን ቦታ ይዞ ይቆማል፤ ስለዚህ ይረዝማል። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ልዩነቱን ቀድሞ መለየት የሚያስፈልገው ለፈንድ የተጻፈ የሁለት ገጽ ጽሑፍ ቆርጦ ሳጥኑ ውስጥ መለጠፍ የተለመደ ስለሆነ ነው። «እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲህ ለመቅረጽ አስባለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለቀ ፊልም ጋር ሲመጣ መራጩ ወዲያው ያውቀዋል። የባሰው ደግሞ ታስቦ የነበረው ነገር ፊልሙ ላይ ሳይኖር ሲቀር ነው።

ደረጃ 2፦ ፊልሙን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት

ወረቀት ያዙና ፊልማችሁን ያለ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዩት። በየትዕይንቱ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ካሜራው የት ተቀምጧል፣ ማን ወይም ምን ጠርቶ ይታያል፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል። ሲያልቅ የሚደጋገመውን አክብቡ።

ድምፁን ማጥፋት ያስፈለገው ንግግሩ ስለሚያታልላችሁ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ተዋናዩ ሲናገር ከሰማችሁ ስሜቱን ትከተላላችሁ እንጂ ምስሉን አታዩም። መራጩ ግን አማርኛ ላይሰማ ይችላል፤ ዓይኑ ምስሉና ሰብታይትሉ ላይ ነው።

ወዳጄ ይህን ሲያደርግ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ካሜራው ከበርጩማ ከፍታ አይነሳም፤ ጎረቤት ቆሞ ሲገባ ወገቡና እጁ እንጂ ፊቱ አይታይም። ሁለተኛ፣ ሻንጣው ከአንድ ትዕይንት በቀር በሁሉም ውስጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ደብዝዞ። እሱ ራሱ ሁለተኛውን እንደዚያ በዝቶ አላስተዋለውም ነበር።

ካሜራው ለምን ዝቅ እንዳለ ስጠይቀው ሳቀ። «ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከፍ ሲል ኮርኒሱ ይገባብን ነበር» አለኝ። ታዲያ ይህ አጋጣሚ ነው ወይስ ምርጫ? እኔ ምርጫ ነው እላለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ቢገደድም በሁለተኛው ቀን ሌላ መላ መፈለግ ይችል ነበር፤ አልፈለገም። ኤዲት ሲደረግም ፊት የሚያሳዩ ሾቶች እያሉት ጥሏቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማችሁ የሌለ ፍልስፍና አትፍጠሩለት። ለምን እንደጀመራችሁት ሳይሆን ለምን እንዳቆያችሁት ጻፉ። እሱ እውነት ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ብትጠየቁም አትደናበሩም።

ደረጃ 3፦ ፊልሙ የሚጠይቀውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«መልእክቱ ምንድን ነው?» በሚል አትጀምሩ። እኛ አገር ፊልም መልእክት ያስተላልፋል ተብሎ ስለሚጠበቅ እጃችን ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል፤ «ፊልሙ ስደት ጎጂ መሆኑን ያስተምራል» ብለን እንጽፋለን። መራጩ ግን መልሱ ቀድሞ የታወቀ ፊልም አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚያደርግለት አይገባውም። ጥያቄ ያለው ፊልም ግን ከእይታው በኋላ ሰው ያነጋግራል፤ የውይይት ጊዜ ላለው ፌስቲቫል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄው ከፊልማችሁ ዕቃ፣ ቦታ ወይም ድርጊት ጋር የተያያዘ ይሁን። ወዳጄ አራት ጊዜ ሞከረ። መጀመሪያ «ማንነት ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ፤ ሰረዝኩት። «ስደተኛ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል?» አለ፤ የተሻለ ነው፣ ግን አሁንም ሰፊ ነው። ሦስተኛው ረዝሞ ተበላሸ። በመጨረሻ «ከውጭ የመጣ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ ነው ወይስ ሻንጣው?» የሚለው መጣ። ይህን ያነበበ ሰው ፊልሙን ሲያይ ዓይኑ ሻንጣ ይፈልጋል፤ ፊቶቹ ለምን እንደተቆረጡም መገመት ይጀምራል።

ደረጃ 4፦ ሐሳቡንና ምስሉን በ«ስለዚህ» እሰሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ መውሰድ ከፈለጋችሁ ይህን ውሰዱ። የምናያቸው አብዛኞቹ መግለጫዎች ሁለት የማይተዋወቁ አንቀጾች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ጭብጥ ያወራል፤ ሁለተኛው «ፊልሙን በተፈጥሮ ብርሃን፣ በረጃጅም ሾቶች፣ በእጅ በተያዘ ካሜራ ቀርጸነዋል» ይላል። ሁለቱም ደህና ናቸው። ግን አንደኛው ሁለተኛውን አልወለደውም።

ሙከራው ቀላል ነው። የደረጃ 3 ዓረፍተ ነገራችሁን ጻፉ፤ ቀጥሎ «ስለዚህ» በሉ፤ ቀጥሎ ከደረጃ 2 ያከበባችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

«ስለ ተስፋ ማጣት ፊልም መሥራት ፈለግሁ፤ ስለዚህ በእጅ በተያዘ ካሜራ ቀረጽኩ።» አይያያዝም። በእጅ የተያዘ ካሜራ ለደስታም ለሩጫም ያገለግላል።

«ጎረቤቶቹ ከሴትየዋ ይልቅ ሻንጣዋን ያያሉ፤ ስለዚህ እኔም የእነሱን ፊት ነፈግኋቸው፤ ፊታቸው የሚታየው ተቀምጠው፣ ሲኒ ተቀብለው፣ ዓይን ለዓይን ሲገናኙ ብቻ ነው።» ይህ ይያያዛል፤ ሌላ ፊልም ላይ ቢወሰድ አይሠራም። መራጩ ሲያነበው የጥያቄ ምልክቱን ይሰርዘዋል።

ሁለት «ስለዚህ» ይበቃል፣ ቢበዛ ሦስት። ቀለሙን፣ ሌንሱን፣ አልባሳቱን፣ ድምፁን ሁሉ ማስረዳት የሚፈልግ ሰው አለ፤ ሲበዛ መራጩ የትኛውን ይዞ እንደሚያይ ይጠፋዋል። የቀረውን ፊልሙ ላይ ራሱ ይይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደንባችሁን የጣሳችሁበት ቦታ ካለ አትደብቁት። ወዳጄ በመጀመሪያ «ካሜራው ከበርጩማ ከፍታ ፈጽሞ አይነሳም» ብሎ ጽፎ ነበር። 9ኛው ደቂቃ ላይ ግን እናትየዋ ልጇን እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ስትወስዳት ካሜራው አብሯቸው ይነሳል፤ ሻንጣው የሌለበት ብቸኛ ትዕይንትም እሱ ነው። መራጩ ይህን አይቶ «ፈጽሞ» የሚለውን ቃል ቢያነብ ወይ ዳይሬክተሩ ፊልሙን አያውቀውም ይላል፣ ወይ አላመነኝም። እኔ ግን የመግለጫው ዋና ነገር እሱ እንደሆነ ነገርኩት፦ ማንም ሻንጣውን በማያይበት በአንድ ቦታ ብቻ ካሜራው ከበርጩማው ከፍታ ይነሳል። ከደንቡ ይልቅ የደንቡ መጣስ ነው ሐሳቡን ያሳየው።

ደረጃ 5፦ ከታሪኩ ጋር ያላችሁን ቅርበት በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ

መራጩ «ይህን ፊልም ለምን አንተ ሠራኸው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የሕይወት ታሪካችሁ አይደለም፤ እሱ የራሱ ሳጥን አለው። የተማራችሁበት ትምህርት ቤት፣ የወሰዳችሁት ሽልማት እዚህ ቦታ ያባክናል። እዚህ የሚፈለገው ከዚህ ታሪክ ጋር ብቻ የሚያገናኛችሁ አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ቢሆን፣ የሚያሳፍርም ቢሆን ይሻላል። ወዳጄ «በዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ሥቃይ ያንገበግበኛል» የሚለውን ትቶ ታላቅ እህቱ ስትመለስ እሱም ዓይኑን ከሻንጣዋ ላይ ማንሳት እንዳልቻለ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቹን የሚፈርድባቸው ዳይሬክተር ሳይሆን ከመካከላቸው የተቀመጠ ሰው ሆኖ ይነበባል።

ዶክመንተሪ ከሆነ ይህ ደረጃ ይሰፋል። ሰዎቹን እንዴት አወቃችኋቸው፣ ምን ያህል ጊዜ አብራችኋቸው ነበራችሁ፣ ምን እንዳትቀርጹ ጠየቋችሁ፣ ተስማማችሁ ወይ? ካሜራ የገባበትን ቤት በር ማን እንደከፈተ መራጩ ማወቅ ይፈልጋል፤ በተለይ የሚታየው ሰው ችግር ላይ ያለ ከሆነ።

ማስጠንቀቂያ። ስትመረጡ መግለጫው በፌስቲቫሉ ካታሎግና ድረ ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል። መራጩ ብቻ የሚያየው ምስጢር አድርጋችሁ አትጻፉት። ወዳጄ ረቂቁን ለእህቱ አነበበላት። «እህቴ» መባሉን ፈቀደች፤ የነበረችበትን ከተማ ግን አውጣ አለችው። አወጣ። ምንም አልጎደለም።

ደረጃ 6፦ አሁን ጻፉት

ላለቀ አጭር ፊልም በእንግሊዝኛ ከ150 እስከ 250 ቃል በቂ ነው፤ ፎርሙ ሌላ ካለ ፎርሙን ተከተሉ። አማርኛ ተውላጠ ስሙንም መስተዋድዱንም ከግሱና ከስሙ ጋር አጣብቆ ስለሚሄድ 100 ቃል የሆነው ጽሑፋችሁ በእንግሊዝኛ ወደ 170 ወይም 180 ሊደርስ ይችላል፤ ከመጀመሪያው አስቡበት። ቅደም ተከተሉ ጥያቄው፣ ቅርበታችሁ፣ «ስለዚህ»፣ ምርጫዎቹ፣ ካለ ደግሞ ደንቡ የተጣሰበት ቦታ ነው። የወዳጄ ሁለተኛ ረቂቅ እንዲህ ሆነ፦

> «ከውጭ የመጣ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ ነው ወይስ ሻንጣው? ታላቅ እህቴ ከሰባት ዓመት በኋላ ስትመለስ እኔም ዓይኔን ከሻንጣዋ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። በዚህ ፊልም ክፉ ሰው የለም፤ ጎረቤቶቹ ይወዷታል፤ የሚያስጨንቃትም እሱ ነው።
>
> ስለዚህ ካሜራውን እሷ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከበርጩማ ከፍታ አይነሳም። ጎረቤት ቆሞ ሲገባ ወገቡንና እጁን እናያለን፤ ፊቱን የምናየው ተቀምጦ ሲኒ ሲቀበል ነው። ሻንጣው ከኋላ ደብዝዞ ሁልጊዜ አለ። ስለ እሱ ማንም አይናገርም፤ ስለዚህ ዝምታውን በሙዚቃ አልሞላሁትም፤ የሲኒና የጀበና ድምፅ ብቻ ተውኩ። ካሜራው ተነስቶ የሚሄደው አንድ ጊዜ ነው፦ እናትየዋ ልጇን ወደ ጓሮ ስታወጣት። እዚያ ሻንጣው የለም።»

ፊልሙ እንዴት እንደሚያልቅ አልተናገረም፤ ጥሩ ነው ወይም ውብ ነው አላለም፤ «ስደት» የሚለው ቃል ራሱ አንድም ጊዜ አልገባም። ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው፤ መራጩ ፊልሙ ላይ ሊያረጋግጠው የሚችለው እሱን ነውና።

ደረጃ 7፦ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ መልሱት

በአማርኛ ጻፉ፣ ከዚያ መልሱ። በማታስቡበት ቋንቋ በቀጥታ ስትጽፉ የምታውቋቸውን የማስታወቂያ ሐረጎች ትሰበስባላችሁ። ስትመልሱ ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ።

አንደኛው እንደ «ይሉኝታ» ያለ ቃል ነው። አቻ አትፈልጉለት፤ ያ ቃል ሰውን ምን እንደሚያስደርገው ጻፉ፦ ሴትየዋ ሻንጣውን ወደ ጓዳ ማስገባት እየቻለች እንግዳ ፊት ያሳፍራል ብላ ትተወዋለች። ሁለተኛው እኛ የማናብራራው ነገር ነው። ቡና ተፈልቶ ሦስት ጊዜ መጠጣቱን እኛ እናውቃለን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ጎረቤቱ ሻንጣው ሳይከፈት እንደማይሄድ ይገባናል። ፊልሙ በዚያ ላይ ከቆመ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ ካልቆመ ስለ ቡና ሥነ ሥርዓት የባህል ትምህርት አትጻፉ።

ያለቀውን ትርጉም ቋንቋውን በደንብ ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ። የሰዋስው ስሕተት ብቻውን ፊልም አያስጥልም፤ ትርጉሙ ሲጣመም ግን ምርጫችሁ ስሕተት ይመስላል።

ደረጃ 8፦ ፊልሙን ባላየ ሰው ፈትኑት

መግለጫውን ብቻ ስጡትና «ፊልሙ ሲጀምር ምን የምታይ ይመስልሃል?» በሉት። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች አሳዩት። ያየው ከገመተው ጋር ከተቀራረበ ሥራው አልቋል። ሌላ ፊልም ከገመተ መግለጫው ስላሰባችሁት ፊልም ነው እንጂ ስለሠራችሁት አይደለም። «ደስ ይላል፣ ስሜት ይነካል» ብቻ ካላችሁ ምንም አላየም ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

*ሲኖፕሲሱን መድገም።* መራጩ ከላይ አንብቦታል። ታሪኩን ለሁለተኛ ጊዜ ስትነግሩት ስለ ምስሉ የምትናገሩት የላችሁም ብሎ ያስባል።

*የታላቅ ዳይሬክተር ስም መጥራት።* ፊልማችሁን ከታወቀ ሥራ ጋር ስታነጻጽሩ መራጩም ያነጻጽራል፤ በእሱ ሚዛን ደግሞ አትሸነፉም ማለት ከባድ ነው።

*የካሜራውን ዓይነት መዘርዘር።* የካሜራው ሞዴልና የምስሉ ጥራት ለቴክኒክ መረጃው ቦታ ነው። የሌንስ ስም የሚጠቅመው ምን እንዳደረገላችሁ ስትናገሩ ብቻ ነው።

*«ያልተነገረ»፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ»።* መራጩ በዚያው ሳምንት በተመሳሳይ ጉዳይ ሦስት ፊልም አይቶ ሊሆን ይችላል። አንድ እንዲህ ያለ ቃል ሌላውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እንዳያምን ያደርገዋል።

*አገሪቱን ማስተዋወቅ።* ስለ ሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ወይም ስለ ድህነት የሚጀምር መግለጫ ብዙ አንብቤአለሁ። ውጭ ያለ መራጭ ይህን ይፈልጋል የሚል ግምት አለ። የኔ ልምድ ተቃራኒው ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ሻንጣ የያዘው ጽሑፍ ነው የሚታወሰው።

*የበጀት ሰበብ።* «ገንዘብ ስላልነበረን ነው» አትበሉ። እጥረቱ ምስሉን ከለወጠው የተለወጠውን ምስል ንገሩን፤ ኮርኒሱን አስታውሱ።

ፕሮጀክት ከሆነ ምን ይለወጣል

ደረጃ 3፣ 4 እና 5 እንዳሉ ይቆያሉ። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ገጽ ነው። ፈረንሳዮች ጉዳዩን ሁለት ቦታ የመክፈል ልማድ አላቸው፦ ለምን እንደምትሠሩት በአንድ ወረቀት፣ እንዴት እንደምትቀርጹት በሌላ ወረቀት። እንዲህ ሲጠየቅ ሁለቱን የሚያስረው «ስለዚህ» የሚገባው ሁለተኛው ወረቀት መጀመሪያ ላይ ነው።

ፊልሙ ስለሌለ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ሙሉውን አሳዩ፦ ካሜራው የት ቆሞ ይጀምራል፣ ምን ይሰማል፣ የት ይቆረጣል። አንድ ትዕይንት በደንብ የታየለት አንባቢ ቀሪውን ያምናል። «ግጥማዊ» ወይም «ተጨባጭ» የሚሉ ቅጽሎች አሥር ቢደረደሩ ይህን አይተኩም። ፎቶ ማያያዝ ከተፈቀደ የራሳችሁን የቦታ ፎቶ አስቀድሙ፤ ክፍሉን፣ በሩን፣ ብርሃኑ በስንት ሰዓት እንደሚገባ። ከሌላ ፊልም የተወሰደ ውብ ፍሬም የሚያሳየው የሌላውን ሰው ዓይን ነው።

ስለማታውቁትም ጻፉ። «የእናትየዋን ተዋናይ ገና አላገኘሁም፤ ትወና ያልሞከረች የሰፈር ሴት እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ የእሷን ንግግር ከስክሪፕቱ ቀንሼ ወደ እጇ ሥራ አዙሬዋለሁ» የሚል ዳይሬክተር ሁሉ ነገር አልቋል ከሚለው ይልቅ እምነት ይጣልበታል፤ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ችግሩ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ ነው የሚገምተው።

ከመላካችሁ በፊት

ከወርድ ፋይል ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ባዶ መስመሮች ሊጠፉ፣ ጥቅሶች ወደ እንግዳ ምልክት ሊቀየሩ ይችላሉ፤ ከለጠፋችሁ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አንብቡ። ገደቡ በቃል ሳይሆን በፊደል ከሆነ ባዶ ቦታም እንደሚቆጠር አስቡ፤ ያለፈውን ከመጨረሻው የሚቆርጥ ፎርም ካጋጠማችሁ የሚጠፋው የጓሮው ትዕይንት ነው። ፊልሙን ከላካችሁ በኋላ እንደገና ኤዲት ካደረጋችሁት መግለጫውንም ክፈቱት። ወዳጄ ከሁለተኛው ፌስቲቫል በፊት አንድ ትዕይንት ላይ ሙዚቃ ጨምሮ ነበር፤ መግለጫው ግን አሁንም «ዝምታውን በሙዚቃ አልሞላሁትም» ይል ነበር። ሙዚቃውን አወጣው።